ጋሽ በእውቀቱ ለካዚኖው የጻፉት አቤቱታ

ጋሽ በእውቀቱ በወረታ ፍርድ ቤት አጥር ጥግ፣ በቆርቆሮ ዳስ ሥር ተቀምጠው ማመልከቻ መጻፍ ከጀመሩ ሃያ ስድስት ዓመታቸው ነው። የድንበር፣ የቀለብ፣ የውርስ ክርክር፣ በእሳቸው ብዕር ያላለፈ የፎገራ ጉዳይ የለም ማለት ይቻላል። ዘዴያቸው አንድ ነው፤ ከሳሽን ብቻውን አያቆሙትም። ባለጉዳዩ ወንደላጤ ቢሆን እንኳ ወረቀቱ ላይ የታመመች እናትና የሙት ልጆች ይበቅሉለታል። «ዳኛ ለአንድ ሰው አይራራም፤ ለቤተሰብ ነው የሚራራ» ይላሉ። ዳኞቹ ያንን ክፍል ዘልለው እንደሚያነቡ የነገራቸው ሰው የለም።

የካቲት ሊያልቅ ሲል ዘመነ መጣ። ዘመነ የሩዝ መፈልፈያ ማሽን የሚያሠራ፣ ገለባ ከቅንድቡ የማይለይ ጎልማሳ ነው። ስልኩን አውጥቶ አሳያቸው። አንድ የኢንተርኔት ካዚኖ ላይ በአምስት መቶ ብር ተጫውቶ ሰባ ስምንት ሺህ አራት መቶ ብር አሸንፏል። ገንዘቡን ላውጣ ሲል መታወቂያህን ላክ አሉት፤ ፊቱንም ጀርባውንም ላከ። መታወቂያውን ይዘህ ፎቶ ተነሣ አሉት፤ ተነሣ። በስምህ የሆነ የባንክ መግለጫ አምጣ አሉት፤ አመጣ። የካቲት ዘጠኝ ቀን «ማንነትዎ ተረጋግጧል» የሚል መልእክት ደረሰው። ከዚያ ወዲህ ግን ክፍያው «በግምገማ ላይ» እንደሆነ ቀረ። ለምን ብሎ በጠየቀ ቁጥር «ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን» ይሉታል። ትዕግሥቱ ካለቀ ሰንብቷል።

«ላማችን ከሞተች ወዲህ ልጆቹ ወተት አልቀመሱም፤ በዚህ ገንዘብ የምትታለብ ላም እገዛለሁ ብዬ ለአምሳል ቃል ገብቻለሁ» አለ።

አምሳል ሚስቱ ናት። አቤቱታውንም እሷው ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ ጽፋ ሰጥታዋለች፦ የሂሳቡ መጠሪያ፣ የወጪ ጥያቄው ቁጥር፣ የገንዘቡ ልክ፣ የተጠየቀበትና ማንነቱ የተረጋገጠበት ቀን። ከሥሩ «በአሥር ቀን ውስጥ ክፈሉ፤ አንከፍልም ካላችሁ የትኛው የውላችሁ አንቀጽ እንደሚከለክል በጽሑፍ አሳውቁ፤ አለዚያ ፈቃድ ለሰጣችሁ መሥሪያ ቤት አቤት እላለሁ» ይላል።

ጋሽ በእውቀቱ አንብበው አዘኑላት። «ይኸ ደረሰኝ ነው እንጂ አቤቱታ አይደለም። እንባው የት አለ?»

«አምሳል ‹ዝም አይነቅዝም፤ ከዚህ በላይ አትጨምር› ብላኛለች።»

«እሷ ስንት ማመልከቻ ጽፋለች?»

ዘመነ አንድ መቶ ሃምሳ ብር ከፈለና ተቀመጠ። ጋሽ በእውቀቱ «ለክቡር ካዚኖ» ብለው ጀመሩ። በሁለተኛው ገጽ ላይ ዘመነ፣ እናቱ፣ ሚስቱና ወንድሙ ከአፋቸው ቀንሰው ገንዘብ አዋጡ፤ በአንድ ስልክ ዙሪያ ተሰብስበው በየተራ እየተጫወቱ አሸነፉ።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ብቻዬን ነው የተጫወትሁት» አለ ዘመነ ሲነበብለት።

«ብቻውን ለቆመረ ሰው ማን ያዝናል? ይልቅ ፈርም።»

ዘመነም ትልቅ ሰው መጋፋት ነውር ሆነበትና ፈረመ። ወረቀቱን ፎቶ አንሥቶ በኢሜይል ላከው።

መልሱ በአራተኛው ቀን መጣ። ዘመነ ስልኩን ይዞ ዳሱ ሥር ቆመና ጮክ ብሎ አነበበላቸው፦ «ሂሳብዎን ከእናትዎ፣ ከባለቤትዎና ከወንድምዎ ጋር በጋራ መጠቀምዎን ስለገለጹልን እናመሰግናለን። በውላችን መሠረት አንድ ሂሳብ የአንድ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ያሸነፉት ተሰርዟል፣ ሂሳብዎ ተዘግቷል፤ ያስገቡት አምስት መቶ ብር ይመለስልዎታል።»

ካዚኖው ሦስት ሳምንት ሙሉ ፈልጎ ያጣውን ምክንያት ጋሽ በእውቀቱ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ አዘጋጅተው ሰጥተውታል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ በፊርማ የወጣውማ ምኑ ይመለሳል። ጋሽ በእውቀቱ አፈሩ፤ እንዲህ አፍረው አያውቁም።

ሳይለመኑ አዲስ ወረቀት ሳቡ። «ዘመነ የተጫወተው ብቻውን ነው። ቤተሰቡን የጨመርሁበት እኔ ጸሐፊው ነኝ፤ ዋሽቻለሁ» ብለው ጻፉ። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ የሰው ማመልከቻ ላይ የራሳቸውን ስም ፈርመው አያውቁም ነበር፤ ያን ዕለት ፈረሙ።

የዚህኛው መልስ በማግሥቱ ደረሰ፦ «ቅሬታ የምንቀበለው ከሂሳቡ ባለቤት ብቻ ነው። ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን።»

ጋሽ በእውቀቱ የተቀበሉትን መቶ ሃምሳ ብር ከኪሳቸው አውጥተው ዘረጉለት። ዘመነ ተቀበለ። ካዚኖው ከመለሰለት ጋር ስድስት መቶ ሃምሳ ብር ሆነ፤ በሐሙሲት ገበያ የላም ገመድ ይገዛል፣ ላሟን ግን አይገዛም።

«አምሳልን ምን ልበላት?» አላቸው።

ጋሽ በእውቀቱ ብዕራቸውን ከወረቀቱ ላይ አነሡ። የሚጽፉለት ግን አጡ።