ከልጅ ልጄ ጎን የቀረው ባዶ

መርዶው ጨንቻ፣ ልጄ ቤት፣ ሲደርስ እኔ ካምባ ነበርኩ። እግሬ አንድ ቦታ አያርፍም፤ ልጆቼና ዘመዶቼ በየአገሩ ስለተበተኑ አንዱ ጋ ሰንብቼ ወደ ሌላው መሄድ የኖርኩበት ነው። ሰው ተልኮብኝ ስደርስ ቤቱ በሴቶች ተሞልቷል። ልጄ መሃላቸው ተቀምጣ አታለቅስም፤ እጇን እያገላበጠች ታያለች። ወታደር ሆኖ የሄደው የመጀመሪያ ልጇ፣ የልጅ ልጄ፣ ሞቷል። ሬሳው አይመጣም። እዚያው ተቀብሯል አሉን፤ እዚያው የት እንደሆነ ግን የነገረን የለም።

በኛ ዘንድ ሬሳ ከሌለ ፎቶግራፍ ይወጣል። ፎቶው ትልቅ ተደርጎ ይሠራና እናት ከፍ አድርጋ ይዛው የለቅሶውን ሜዳ ትዞራለች። ከየቀበሌው እየፎከረ የሚመጣው ለቀስተኛ ዓይኑን እዚያ ላይ ጥሎ ያለቅሳል። ፎቶ ከሌለ ሰዉ ለማን እንደሚያለቅስ ይጠፋዋል፤ ትንሽ ሲቆይ እርስ በርሱ ያወራል። ይህን በሌላ ሰው ለቅሶ አይቼዋለሁ። ልጄም አይታዋለች።

«እማዬ፣ ፊቱን ሳልይዝ ሜዳ አልወጣም» አለችኝ። «ባዶ እጄን ምን ብዬ ልዙር?»

ለቅሶው ለቅዳሜ ተቆርጦ ነበር።

ያለን ፎቶ አንድ ብቻ ነው። እህቱ ስታገባ ቤተ ዘመዱ ሁሉ ተደርድሮ የተነሳው ነው። እህቱ ቬሎ ለብሳ መሃል ቆማለች፤ እሱ በተውሶ ኮት ከፎቶው በግራ ጫፍ፤ ባሏና ሚዜዎቹ በቀኝ በኩል። ክንዱን ይዛዋለች። ታዲያ እሷ አሁን ነፍሰ ጡር ናት። በሕይወት ያለ ሰው ምስል ከሟች ጋር ለቅሶ ሜዳ ላይ አይወጣም፤ የእርጉዝማ ጭራሽ አይታሰብም። በመቀስ እንዳንለየው ጣቶቿ ክንዱ ላይ ናቸው፤ እሷን ስንቆርጥ እሱም ይቆረጣል። ፎቶውን ያነሳው ሰውዬ ደግሞ ከሠርግ ሠርግ የሚዞር ነበር። ፊልሙን ይዞ ወዴት እንደሄደ ማንም አያውቅም።

ከዳገቱ በታች ቆላው ላይ፣ ሲቀላ ከተማ፣ ኮምፒውተር ያለው ፎቶ ቤት ተከፍቷል፣ ሰውን ከሰው ይለያል አሉ። ፎቶውን በነጠላዬ ጠቅልዬ በአይሱዙ ወረድኩ።

ፎቶ ቤቱ ከገበያው አጠገብ ነው። ባለቤቱ ጎልማሳ ሰው ነበር፤ ላብ አንገቱን እያጠበው በፎጣ ይጠርጋል። ፎቶውን ተቀብሎ ጣቴ ያረፈበትን አየና ሳቀ።

«እማማ፣ ይሄን ልጅ ብቻ ነው የሚፈልጉት? ሙሽራዋ ምን አደረገችዎት? ከአሁኑ ተጣላችሁ?»

«እሷ በሕይወት አለች» አልኩት።

ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ። ፎጣውን አስቀመጠና ወንበር ሳበልኝ። ከዚያ በኋላ እስክወጣ ድረስ አልቀለደም።

ፎቶውን እንደ ሳጥን ያለ ማሽን ውስጥ ከድኖ ወደ ኮምፒውተሩ አስገባው። ሠርጉ በመስተዋቱ ላይ ወጣ። ከዚያ በልጁ ዙሪያ፣ በፀጉሩ፣ በጆሮው፣ በኮቱ ጠርዝ እየተከተለ መስመር አሰመረና ሌላውን ሁሉ አጠፋው። ዘመዶቼ አንድ በአንድ ሄዱ። እኔም እዚያ ነበርኩ፤ እኔም ሄድኩ። በቦታችን እንደ ዳማ ገበታ ነጭና አመድማ ትናንሽ አራት ማዕዘን መጣ።

«ይሄ ምንድነው?» አልኩት።

«ባዶ ነው እማማ። ምንም የለም ማለቱ ነው። ወረቀት ላይ አይወጣም።»

የእህቱ ጣቶች ብቻ ክንዱ ላይ ቀሩ። ሰውየው እጁን ከማውዙ ላይ አንስቶ አየኝ።

«እነዚህንም?»

«እነዚህንም» አልኩ። ከሌላው እጅጌ ላይ ጨርቅ እየቀዳ ደፈናቸው። ማንም ይዞት የማያውቅ ክንድ መሰለ።

«አሁን ኮምፒውተሩ ዙሪያው ያለውን ባዶ ይቆርጠዋል» አለኝ። «ያለበለዚያ ማሽኑ ባዶውንም ከፎቶው ቆጥሮ ሁሉንም ወረቀቱ ላይ ያሰፍረዋል፤ ልጁ ትንሽ ሆኖ ጥግ ላይ ይቀራል። ሲቆረጥ እሱን ብቻ አጥብቆ ይይዘዋል።» አንድ ነገር ነካ፤ ከላይ የነበረው የሰማዩም፣ በጎን የነበሩት የሚዜዎቹም ቦታ ተሰበሰበ። በዚያው ሰዓት መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። ሳይጠፋበት ሊያወጣው ቸኮለና ማተሚያውን አዘዘ። ወረቀቱ ሲወጣ እኔ የልጁን ፊት ብቻ ነው ያየሁት። ጠቅልሎ ሰጠኝ፤ መብራቱም ጠፋ።

ጨንቻ ደርሼ ስዘረጋው ሴቶቹ ከበቡኝ። ልጁ ከወረቀቱ በግራ በኩል ቆሟል። ከወረቀቱ በቀኝ በኩል አንድ ሰው የሚቆምበት ያህል ነጭ ባዶ አለ።

«ይሄ ቦታ ለማን ነው?» አለች አንዲት ጎረቤት።

«ዝም በይ አንቺ!» አለች ሌላዋ።

«ምን ዝም እላለሁ? ሟች ከጎኑ ቦታ ይዞ ሜዳ ሲወጣ የት አይተሻል? ማንን ና ይበል ነው?»

የልጅ ልጄ፣ እህቱ፣ ከጓዳ ወጥታ ከኋላችን ቆማ ኖሯል። ወረቀቱን አየች። እጇን ሆዷ ላይ አደረገች።

«የኔ ቦታ ነው» አለች። «እዚያ ነበርኩ።»

ልጄ ወረቀቱን ነጥቃ ደረቷ ላይ ለጠፈችው። ከዚያም በዝግታ አጠፈችውና ለእኔ ሰጠችኝ። ልጇን ልታለቅስ ተቀምጣ ለሌላዋ ልጇ መፍራት ጀመረች። አንዱን እንኳ በቅጡ አልቅሳ ሳትጨርስ። «እማዬ፣ ይሄን ቦታ አዘጊልኝ» ነው ያለችኝ።

በመቀስ ቁረጡት ያሉ ነበሩ። ቢቆረጥ የሚቀረው ጠባብ ቁራጭ ወረቀት ነው፤ ሜዳ ላይ ማን ያየዋል? አርብ ጠዋት ተመልሼ ወረድኩ።

ሰውየው ወረቀቱን ሲያይ ደነገጠ። «እንዴ! አጥብቄው ነበር እኮ» አለ። ልጁን ኮምፒውተሩ ላይ አወጣው። ባዶው እንዲቆረጥ ደግሞ አዘዘ፤ አልተንቀሳቀሰም። ደግሞ አዘዘ፤ አሁንም ያው።

«እዚህ ጋ የሆነ ነገር አለ» አለኝ። «ፍጹም ባዶ ቢሆን ይቆርጠው ነበር። ማሽኑ አንድ ነጥብ እንኳ ካገኘ እዚያው ይቆማል። ለሱ ሰውም ነጥብም አንድ ነው።»

አይታየንም። እሱ ዓይኑን ወደ መስተዋቱ አስጠግቶ ፈለገ፤ እኔም ከኋላው ሆኜ ፈለግኩ። በመጨረሻ ከልጁ ሥር ጥቁር ነገር አነጠፈበት። ያን ጊዜ፣ እህቱ ቆማ ከነበረችበት ማዶ፣ ከታች በኩል፣ አንዲት ነጭ ጭረት በራች። የቬሎዋ ጫፍ ነው። ሲያጠፋት አምልጣው በነጩና በአመድማው መሃል ተደብቃ ኖራለች። ያንን ሁሉ ባዶ ከልጁ ጎን ይዛ የቆየችው እሷ ናት።

«አየኋት» አለ ሰውየው። ወዲያው ግን አላጠፋትም፤ ጥቁሩን ሳያነሳ ቀስ ብሎ አቀረባትና አሳየኝ። «ላጥፋት?»

ምን ልበለው? ልጅቷን ከወንድሟ ጎን ያቆመ የቀረ ነገር ይሄ ብቻ ነበር። ይሄው ነገር ደግሞ ቤታችንን አስፈርቷል።

«አጥፋት» አልኩት።

አጠፋት። ከሥር ያነጠፈውንም ጥቁር መልሶ አነሳ፤ እሱ ካለ ማሽኑ የሚቆርጠው ባዶ አያገኝም አለኝ። ከዚያ አዘዘ። ዙሪያው በአንድ ጊዜ ሰብሰብ አለ። ከላይ ፀጉሩን፣ ከጎንና ከጎን ሁለቱን ክንዶቹን፣ ከታች የጫማውን ጫፍ ነክቶ ቆመ። እፎይ ልል ስል ሰውየው እንዳቀረቀረ ቀረ።

«እማማ» አለ፣ «አሁን የቀረው እሱ ብቻ ነው። ትንሽ ነው።»

«አንተ ታሳድገው የለ?»

«አሳድገዋለሁ። ግን የሌለውን አልጨምርለትም። ባዶውን ቆርጬ ሌላ ስፋት አላገኘሁም፤ ያለው ይሄው ነው።» ፎቶውን እንደገና ማሽኑ ውስጥ ከድኖ፣ ከፊተኛው ይልቅ ጠለቅ አድርጎ እንዲያነበው አደረገ፤ እንደ አዲስ ለየው፣ እንደ አዲስ አጠበቀው። ትንሽ ሻል አለ። ከዚያ በላይ ግን ወረቀቱ ራሱ የያዘው ነገር የለም። ያን ሁሉ ሕዝብ ሆነን ፖስት ካርድ በምታህል ወረቀት ላይ ስንነሳ ለልጁ የደረሰው የአውራ ጣት ያህል ነበር።

ከደረቱ በላይ አስቀርቶ ወረቀቱን እስኪሞላ አሳደገውና አተመው። ጎኑ ላይ ቦታ የለም። ለማንም ቦታ የለም። ነገር ግን ፊቱን ወደ ዓይኔ ሳቀርበው ዓይኑ ጥላ፣ አፉ ጥላ ሆነ። እንደ ጭጋግ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀስኩት እዚያ ፎቶ ቤት ነው። ሰውየው ወረቀቱን ተቀበለኝና ወደ በሩ ሄዶ ከሩቅ ያዘው።

«ከዚያ ሆነው ይዩት እማማ።»

እውነትም ከሩቅ እሱ ነበር። አንገቱን ወደ ጎን ሰበር የሚያደርግባት ልማዱ እንኳ ነበረች።

ቅዳሜ ለቅሶው ወጣ። ልጄ ፎቶውን በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ ሜዳውን ዞረች። ከዳገቱ የሚወርዱት ገና ከማዶ አይተው «ዋይ! እሱ ነው!» እያሉ ጮኹ፤ አብሮ አደጎቹ መሬት ላይ ወደቁ። ማንም ለማን እንደሚያለቅስ አልጠፋውም። ስለ ባዶ ቦታም የጠየቀ አልነበረም።

ሰዉ ጋብ ሲል ልጄ መሬት ተቀመጠችና ፎቶውን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አጎነበሰችበት። ጣቷን ፊቱ ላይ ወዲያና ወዲህ አስኬደች።

«እማዬ፣ አላገኘሁትም» አለች። «ሁሉም አዩት። እኔ ግን አላየሁትም።»

ምን እንደማደርግ ከፎቶ ቤቱ ተምሬ ነበርና ፎቶውን ከእጇ ወስጄ ወደ ኋላ ሄድኩ።

«አሁንስ?» አልኳት።

«አልታየኝም። ራቅ በይ።»

ራቅኩ።

«ትንሽ ደግሞ።»

ለቀስተኛው መንገድ ለቀቀልኝ። ድምጿ እስኪቀጥን ወደ ኋላ ወደ ኋላ ሄድኩ። ከዚያ እጇን ወደ እኔ ዘርግታ «እሱ ነው! እሱ ነው!» ስትል ሰማሁ፤ ተነስታ ወደ እኔ መሮጥ ጀመረች። ስትቀርብ እንደሚጠፋባት አውቃለሁ። «እዚያው ሁኚ ልጄ! አትምጪ!» አልኳት። አልሰማችኝም።