ልጃችን አልጋ የለቀቀ ጊዜ

ልጃችን ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሲሆነው ፍርግርግ ካለው አልጋው ተንጠላጥሎ መውጣት ቻለ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዳች ነገር ዷ ሲል ሰምቼ ብሮጥ፣ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ ግንባሩን ያሻል። አላለቀሰም። እንዲያውም በሠራው ሥራ የኮራ ይመስላል።

እኔ ያኔ የእርግዝናዬን ስድስተኛ ወር ይዣለሁ። አልጋውን ከደሴ በጭነት መኪና ጀርባ ላይ አስረን ነው ሰቆጣ ያስገባነው፤ ሁለተኛ እናመጣለን ማለት ዘበት ነበር። ስለዚህ ልጁ አልጋውን ለሚወለደው ሕፃን መልቀቅ አለበት። መልቀቁ ብቻ አይደለም፣ ሕፃኑ ከመምጣቱ በፊት አዲሱን አልጋ የራሱ ማድረግ አለበት። ያለዚያ «በእሱ ምክንያት ተባረርኩ» ብሎ እንዳይቀየመኝ ፈራሁ። ከምጡ ይልቅ ያስጨነቀኝ ይኸው ነበር።

በከተማው ትምህርት ቤት የቤት አያያዝ አስተማሪ ነበርኩ። ስለ ልጅ አስተዳደግ ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት ሁሉ ትክክል ነው፤ ሰሌዳው ግን እንደ ልጄ ተነስቶ አይሄድም።

አናጢው የጠፍር አልጋ ሠራልን። ቢወድቅ እንዳይጎዳ እግሩን አሳጥረው አልኩት። ለጌጥ የለፋበትን እግር በመጋዝ ሲቆርጥ፣ ሰው እንኳን አልጋውን ዝቅ ሊያደርግ ራሱም ከፍ ማለት ነው የሚፈልገው እያለ አጉረመረመ። ክፍሉ ውስጥ ሊጎትተው የሚችለውን ዕቃ ሁሉ አነሳሁ፤ ኩራዙን ከማይደርስበት መስኮት ላይ አደረግኩ። የድሮ ብርድ ልብሱን አዲሱ አልጋ ላይ አነጠፍኩለት። ልጁ በደስታ ተኛበት። ባለቤቴና እኔ ተያየን፤ ይህን ያህል ቀላል ነው እንዴ አልን።

ራታችንን ሳንጨርስ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

ባለቤቴም አስተማሪ ነው፤ በዚያ ላይ የቀበሌው የውይይት ክበብ መሪ። በዚያ የአብዮት ዘመን ያለ ውይይት ውሃ እንኳ አይቀዳም ነበርና ልጁን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ለምን እንደወጣ ጠየቀው። ልጁ ውሃ ጠማኝ አለ። በሚቀጥለው ጊዜ ሽንቱ መጣ። ቀጥሎ ፍየል ጮኸች። ባለቤቴ ለእያንዳንዱ ነጥብ ማብራሪያ ሰጠ፤ ልጁም ራሱን እየነቀነቀ አዳመጠ፣ የተባለውን ሁሉ ተቀበለ፣ ተመልሶም ወጣ። ከአባቱ ጋር እንዲህ ያለ ጨዋታ ቀን ቀን አግኝቶ አያውቅም፤ ለምን ይተኛ?

ሰው ምክር አይነፍግም። አንዷ በመቀነት ከአልጋው ጋር እሰሪው አለችኝ። ሌላዋ ጅቡን ጥሪበት አለች። ባለቤቴም ልጁ በሰዓት እላፊ ከግቢ እንዳይወጣ ፈርቶ የክፍሉን በር ከውጭ እንቀርቅረው አለ። እምቢ አልኩ። እሳት ቢነሳስ? ደግሞ ጨለማ ውስጥ ተቆልፎበት የሚያለቅስ ልጅ አልጋውን እንዴት ይወደዋል? ይልቅ የግቢውን በር በጊዜ እንዝጋ፣ የእሱን ክፍል ገርበብ አድርገን እንተው፣ በወጣ ቁጥር «አሁን መኝታ ነው» ብለን እጁን ይዘን እንመልሰው፣ ከዚያ ወዲያ ቃል አንጨምር፤ ቁጣም ማባበልም የለም አልኩ። ባለቤቴ ይህ ውይይትን ማፈን ነው ብሎ ተከራከረኝ፤ ግን ደክሞት ነበርና ተስማማ።

ያለ ተጨማሪ ቃል መለስነው። ወጣ። መለስነው። ሆዴን ደግፌ የማመላልስበትን ብዛት መቁጠር ተውኩ። ጭራሽ ባሰበት እንጂ አልተሻለውም፤ ሲጀምር እንደሚብስ ባውቅም ማወቅ ወገብ አይደግፍም። አንድ ምሽት ግን ከክፍሉ ወጣና ወደ እኛ አልመጣም። ግቢው ውስጥ ፈለግነው።

ልጁ አከራያችን ቤት ነበር። አከራያችን ነጋዴ ባል ያላቸው ሙስሊም ሴት ናቸው፤ ቤታቸው እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ከእኛ ሁለት ክፍሎች ፊት ለፊት ነው። ከአበርገሌ ለገበያ የወጡ የባላቸው ደንበኞች እሳቸው ዘንድ ያድራሉ። ልጄ ከእነዚያ እንግዶች መሐል ምንጣፉ ላይ እግሩን አጣጥፎ፣ በሁለት እጁ ቴምር ይዞ ስለ ፍየል ዋጋ ያዳምጣል። አከራያችን በኩራት ነገሩኝ፤ ለካ በየማታው፣ እኛ ጀርባችንን በሰጠን ቁጥር ብቅ ይል ነበር። አንድ ቀንም ባዶ እጁን አልመለሱትም።

በማግሥቱ፣ እባክዎ ማታ ሲመጣ ምንም አይስጡት ብዬ ለመንኳቸው። ፊታቸው ተለወጠ።

«ደጄ የመጣ ባዶ እጁን ይመለስ ነው የምትይኝ? እኔን?»

ሁለት ቀን ሰላምታቸው ቀዘቀዘ። እሳቸው እንግዳ እንዲያባርሩ መጠየቄ ነበር፤ ለእኔ ልጅ የማስተኛት ጉዳይ ነው፣ ለእሳቸው የቤታቸው ክብር። ነገሩ የገባኝ ልብስ ሳሰጣ ነው። ወዲያው ሄድኩ።

«እንግዳ አይደለም እኮ» አልኳቸው። «ልጅዎ ነው። የራስዎ ልጅ ከመኝታው ተነስቶ እንግዶች መሐል ቢገባ ምን ያደርጋሉ?»

«እጁን ይዤ እመልሰዋለኋ።»

«እሱንም እንዲያው ያድርጉት።»

ይህን መጀመሪያ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት አሉኝ። ከዚያ ማታ ጀምሮ ልጄ ከእንግድነት ወረደ። ሲሄድ እሳቸው እጁን ይዘው፣ ቃል ሳይናገሩ፣ በጨለማ ግቢውን አቋርጠው ያመጡታል። ከእኔ ይልቅ ጨካኝ ሆኑ፤ ባለቤቴ ፀጉሩን ሊዳብሰው ሲል እንኳ በዓይናቸው ይገሥጹታል። ልጁ የመጀመሪያዎቹን ምሽቶች እየጮኸ አለቀሰ። «ካልደፈረሰ አይጠራም» አሉኝ አከራያችን። እውነትም ጠራ። ቀስ በቀስ አንዴ ብቻ ወጥቶ የሚመለስ ሆነ፤ በመጨረሻም ሲነጋ እዚያው አልጋው ላይ አገኘነው። ቀን ለጎረቤት ሁሉ «አልጋዬ» እያለ ያሳያል። ባለቤቴ ድሉ የጋራ ነው አለ። እኔ የፈራሁት ቀረ ብዬ እፎይ አልኩ፤ እግዚአብሔርንም አመሰገንኩ። ፍርግርጉን አልጋ አጥበን ጥግ አቆምነው፤ ዞር ብሎም አላየው።

ሴት ልጅ ወለድኩ። ከጤና ጣቢያ ስንመለስ ልጁ እጇን ነካ፣ ጣቷን አየ፣ ወደ ጨዋታው ሄደ። ለሚያየኝ ሁሉ፣ የቅናት ነገር የለበትም፣ ቀድመን ስላዘጋጀነው ነው እያልኩ ተመጻደቅሁ።

በመጀመሪያው ምሽት ራሱ ተነስቶ አዲሱ አልጋው ላይ ወጥቶ ተኛ። ብዙም ሳይቆይ ሕፃኗ ፍርግርጉ አልጋ ውስጥ አለቀሰች። እሱም ከክፍሉ ወጣ፤ ስንት ጊዜ ሳይወጣ ቆይቶ ነበር። ወደ እኔ አልመጣም፤ ፍርግርጉ አጠገብ ሄዶ ቆመና በክፍተቱ አያት።

«መልሻት» አለኝ።

ወዴት አልኩት።

«ወደ አልጋዋ።»

«አልጋዋ ይኸው ነው፣ አባቴ።»

«ይኼ የኔ ነው» አለ፣ ሳይቆጣ፣ እንደሚያስረዳ ሰው። «የእሷ እዚያ ነው።» በጣቱ ሆዴን አሳየኝ። «ዝም ብለሽ እጇን ይዘሽ መልሻት።»

ባለቤቴን አየሁት። የውይይት ክበቡ መሪ አፉን ከፍቶ ዘጋው። የልጄን እጅ ያዝኩና ያለ ቃል ወደ ክፍሉ መለስኩት፤ እሱም የለመደው ነውና ዝም ብሎ ተከተለኝ።