የእትዬ ገበያነሽ ግድግዳ

ጳውሎስ ሆስፒታል በር ላይ ቆሎ የምትሸጠውን እትዬ ገበያነሽን የማያውቅ የጉለሌ ሰው የለም። ካለም ወይ ጥርስ የለውም፣ ወይ ታሞ አያውቅም። ስፍሯ ትንሽ ነው፣ ምላሷ ግን ሞልቶ ይፈሳል።

«እትዬ፣ ምርቃት የለውም እንዴ?» ካልካት፣

«ምርቃት ከፈለግክ ቤተ ክርስቲያኑ ያውልህ» ትልሃለች።

ማንበብ የተማረችው ትልቅ ሰው ሆና ነው፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ። ከዚያ በኋላ ግድግዳዋ መጽሐፏ ሆነ። እንደማንኛችንም የጭቃውን ግድግዳ በዱቄት ሙጫ ጋዜጣ ለጥፋበታለች፤ ማታ ማታ ኩራዝ ይዛ ቃል በቃል እየቆጠረች ታነባለች፣ እኛ ከወዲያ በኩል በስስ ግድግዳ እንሰማታለን። ራስጌዋ ላይ ግን ጋዜጣ አልነበረም። የቤት ኪራይ ደረሰኞቿን ነው በተርታ የለጠፈችው።

«ምነው ሣጥን ውስጥ ብታስቀምጪው?» ስንላት፣

«ጋዜጣው ላይ የኔ ስም የለም። እዚህ ላይ አለ። ደግሞ ሣጥኔን አይጥ ይበላዋል፣ ግድግዳን ማን ይበላል?»

ትርፍ ቤት የተወረሰበት አዋጅ ከወጣ ወዲህ የሁላችንም አከራይ ቀበሌ ነው። ኪራዩ ስምንት ብር፣ ከፍለህ ደረሰኝ ትቀበላለህ፣ በካርቦን የተጻፈው ቀሪ ካርኒው ላይ ይቀራል። ይሄው ነው። ታዲያ በ1975 የካቲት ላይ ደብዳቤ መጣላት። «ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ያለውን ኪራይ ስላልከፈሉ ቤቱን በአሥር ቀን ውስጥ እንዲለቁ» ይላል። ራሷ አነበበችው። ሁለት ጊዜ። ከዚያ እንደ ወትሮው አልተሳደበችም፤ በሩ ላይ ቁጭ አለች። ያን ጊዜ ነው እኛም የፈራነው። ሌላ ቤት የላትም፣ ዘመድም ቢሆን ያላት ደሴ ያለችው እህቷ ብቻ ናት።

በማግስቱ ቀበሌ ሄደች፤ አጃቢ ሆኜ ተከተልኳት። ገንዘብ ያዡ ወልዱ አዲስ ነው፣ ጥቅምት መጨረሻ ላይ የተመደበ። በአፍንጫው ነው የሚናገረው። የኪራይ ካርዷን አውጥቶ፦

«በካርዱ መሠረት... አልተከፈለም።»

«አንተ ልጅ፣ ካርዱን ማን ጻፈው?»

«እኔ፣ ስረከብ አዲስ አውጥቼ።»

«ሐምሌ ላይ ነበርክ?»

«አልነበርኩም።»

«ታዲያ በምን አወቅክ?»

«በካርዱ መሠረት!»

ጉዳዩ ለቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ቀረበ። ሰብሳቢው ጓድ ዓምሃ ሳይስል አንድ ዓረፍተ ነገር አይጀምርም። እሱን ለማስመሰል ድምፅ አያስፈልግም፣ ጉንፋን ይበቃል።

«እህም! ወይዘሮ ገበያነሽ፣ ከፍያለሁ ካሉ ደረሰኙን ያቅርቡ።»

«ማቅረብ አልችልም።»

«እህም! ለምን?»

«ግድግዳ ላይ ነው።»

ሸንጎው ሳቀ። ወልዱ «ገንጥላ ታምጣው» አለ።

«ሲገነጠል ይቀደዳል! ከዚያ 'የተቀደደ ደረሰኝ አንቀበልም' ትለኛለህ። አውቄሃለሁ።»

ጓድ ዓምሃ አሰበ፣ ሳለ፣ ተነሣ። «ማስረጃው መምጣት ካልቻለ ሸንጎው ይሄዳል።»

ሦስት ዳኛ፣ አንድ ጸሐፊና ወልዱ እየተጋፉ ገቡ። ቤቷ ሁለት ሰው ይበዛበታል። የቀረው ሰፈር መስኮት ላይ ነው። ኩራዙን አስጠግታ በጣቷ እየጠቆመች አነበበች፦ «የ... ሐምሌ... ወር። ተከራይ... ገበያነሽ። እኔ ነኝ!» ጸሐፊው የደረሰኙን ቁጥር መዘገበ። ነሐሴም አለ። ቁጥሩን ቀበሌ ጆንያ ውስጥ ከተጣሉት የድሮ ካርኒዎች ቀሪ ጋር ሊያስተያዩ ነው።

መስከረም ግን የለም።

«ከዚህ ሥር ነው» አለች። ለገና ቤቷን ስታሳምር ከጎኑ የለጠፈችው አዲስ ጋዜጣ ተርፎ ደርቦበት ኖሯል። ከላይ ያለው ጋዜጣ ላይ ግን የትልቁ ሰውዬ፣ የሊቀመንበሩ ፎቶ አለ፣ ግማሽ ገጽ ሙሉ። ማን ይላጠው? ወልዱ እጁን ኪሱ ከተተ። ጸሐፊው ብዕሩን ያይ ጀመር። እትዬ ገበያነሽ እርጥብ ጨርቅ አምጥታ ለጓድ ዓምሃ ዘረጋችለት።

«ባለሥልጣን እርስዎ ነዎት።»

«እህም! ጸሐፊ፣ ጻፍ። ጋዜጣው የተነሣው... በክብር ነው።»

ከጥግ ጀምሮ እያረጠበ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ አንዴም ሳይስል ላጠው። ፎቶው ሳይቀደድ አልጋ ላይ ተጋደመ፣ ከሥሩም የመስከረም ደረሰኝ ከነማኅተሙ ወጣ። መስኮት ላይ ያለነው አጨበጨብን። ለየትኛው እንደሆነ ማንም አልጠየቀንም።

ጥቅምት ቀረ። ጥቅምት ላይ እህቷን ልታስታምም ደሴ ነበረች። ኪራዩን በፖስታ ሐዋላ ለባለሱቁ ለጋሽ ሸፊ ልካለት እሱ ነው የከፈለላት። የሐዋላው ደረሰኝ ግድግዳው ላይ አለ፤ የቀበሌው ግን የለም። ጓድ ዓምሃ፦

«እህም! ይሄ ለሸፊ መላክዎን ያሳያል። ሸፊ ለቀበሌ መክፈሉን አያሳይም።»

እውነቱን ነው። በቀጠሮ ተለያየን። እሷም በዚያ ሳምንት ቆሎዋን ትታ ሮጠች። ፖስታ ቤት የሐዋላውን ቁጥር አሳይታ ገንዘቡ ጥቅምት 12 ለሸፊ እንደተከፈለ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ አጻፈች። ጋሽ ሸፊ ደግሞ ቃሉን በጽሑፍ ሰጠ፣ ሁለት ምስክር ፊት ፈረመ፣ በቀጠሮውም ቀን ራሱ ቀርቦ አረጋገጠ።

«ወላሂ፣ ብሩን በተቀበልኩበት ቀን ለቀድሞው ገንዘብ ያዥ ሰጠሁ። 'ካርኒው አልቋል፣ ሌላ ሲመጣ እቆርጥልሃለሁ' አለኝ። ስመለስ ተዛውሯል፣ ይሄ ልጅ ተቀምጧል። 'ያልተቀበልኩትን አልቆርጥም' አለኝ።»

«በካርዱ መሠረት...» ሲል ወልዱ፣

«እህም! የድሮው ካርኒ መቼ አለቀ?»

ጸሐፊው ከጆንያው የመጨረሻውን አወጣ። የመጨረሻው ቅጠል የተቆረጠው ጥቅምት 12 ነው። የሐምሌ፣ የነሐሴና የመስከረም ቀሪም ቁጥር በቁጥር እዚያው ተገኘ።

«እህም! የርክክቡ ሰነድስ?»

ወልዱ ጎትቶ አወጣው። ጓድ ዓምሃ ራሱ አነበበ፦ «በካዝና ቆጠራ የተገኘ ትርፍ፣ ስምንት ብር። ከፋዩ ያልታወቀ።» ከሥሩ የተረካቢው ፊርማ።

«እህም! ጓድ ወልዱ፣ ይሄ የማን ፊርማ ነው?»

ወልዱ አፍንጫው ወረቀቱን እስኪነካ አጎንብሶ ፊርማውን አየ።

እትዬ ገበያነሽ ግን ጊዜ አላጠፋችም። «ከፋዩ ታውቋል ብለህ ጻፍበት፣ ልጄ። ገ ብለህ ጀምር።»

ሸንጎው የአራቱም ወር ኪራይ መከፈሉን ወሰነ፣ የማስለቀቂያው ደብዳቤ ተሻረ፣ ወልዱም የጥቅምትን ደረሰኝ በትርፉ ብር እንዲቆርጥ፣ ካርዱንም እንዲያስተካክል ታዘዘ። እየጻፈ ሳለ አጎንብሳ ፊደሉን ትከታተል ነበር።

«የውሳኔው ግልባጭ ሁለት ይሰጠኝ» አለች።

«እህም! ሁለት ለምን?»

«አንዱ ለጋሽ ሸፊ፣ ከሱቁ ይቀመጥልኝ። አይጥ የለበትም።»

«እህም! ሁለተኛውስ?»

«የትም አይሄድም። ራስጌዬ ላይ ነው።»

ጓድ ዓምሃ ማኅተሙን መታ፣ ቀና አለና በጨነቀው ፊት አያት።

«እህም! ይሁን። ግን ወይዘሮ ገበያነሽ... ለፋሲካ ሌላ ጋዜጣ እንዳይደርቡበት። እኔ ሁለተኛ አልልጥም!»