ዑግባድ ጠረጴዛዋን አትለቅም

ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ገብታችሁ «ኮምፒውተር የምትሠራዋ ሴት» ብትሉ የማያሳያችሁ የለም። ዑግባድ ሰማታር ትባላለች። ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ነው የተወለደችው። እናቷ «ይቺ ልጅ አፏን የፈታችው እምቢ ብላ ነው» ትላለች፤ እኔም አምናለሁ።

ሱቁ የታላቅ ወንድሟ የዋበሪ ነው። ዋበሪ ዘፈንና ፊልም ፍላሽ ላይ እየጫነ ይኖራል፤ ኮፒ፣ ፔስት፣ ቀጣይ! እጁ ፈጣን ነው፣ ምላሱ ደግሞ ከእጁ ይፈጥናል። ለዑግባድ የሰጣት ጥጉ ላይ ያለችውን አንዲት ጠረጴዛ ነው። እሷ እዚያች ላይ የሞተ የተባለ ማሽን ስታስነሳ ስንት ዓመቷ!

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ፣ ፀሐዩ መንገዱን ባዶ ባደረገበት ሰዓት፣ የሠርግ ቪዲዮ የምታቀናብረው ፋዱማ አሮጌ ኮምፒውተሯን በባጃጅ ጭና መጣች። ዊንዶውሱ አልነሳ ብሏል። የሰው ሠርግ ውስጡ አለ። ዋበሪ የእህቱን እጅ ገፋ አድርጎ ራሱ ያዘው። ጫት የያዙ ጓደኞቹ ሱቁ ውስጥ የተነጠፈው ምንጣፍ ላይ ሆነው ያያሉ፤ እንዴት ይቅርበት!

ማሽኑ ደህና መሆኑን ለማወቅ ሊኑክስ የሚባለውን፣ በዊንዶውስ ፋንታ የሚሠራ ሲስተም፣ ከፍላሽ ማስነሳት እንደሚቻል ከእህቱ ሰምቷል። ሊኑክሱ የታሸገበትን አይኤሶ የሚባል ፋይል ከእሷ ላፕቶፕ ወሰደ፣ በዚፕ መክፈቻ ከፈተው፣ ውስጡ ያሉትን ፋይሎች አንድ በአንድ ወደ ፍላሹ ገለበጠ። ልክ እንደ ዘፈን። ፍላሹን ሰካና ማሽኑ ከሱ እንዲነሳ መረጠ። ጥቁር ስክሪን ላይ «የሚነሳ ነገር የለም» የሚል የእንግሊዝኛ መስመር ወጣ። ፋይሎቹን አጥፍቶ አይኤሶውን ራሱን እንዳለ ኮፒ አደረገው። ያው ጥቁር ስክሪን፣ ያው መስመር።

«ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል» አለ። «ፋዱማ፣ ሌላ ግዢ።»

ፋዱማ ፊቷ ልውጥ አለ። ዑግባድ ከጥጓ ተነሳች። «አልተቃጠለም። ስህተቱ ያንተ ነው።»

ምንጣፉ ላይ ያሉት ሳቁ። ሳቁ በሱ ላይ መሆኑ ዋበሪን አንገበገበው። «አቦ ተዪን! የዓስር ሶላት ሳይሰገድ ይሄን ማሽን ካላስነሳሽ ዕቃሽን አወጣና ጠረጴዛዋን ለሞባይል ከቨር ሻጭ አከራያታለሁ። ወላሂ!»

ፋዱማ ልትገላግል «ኧረ ተዉ» አለች። ዑግባድ ግን «እሺ» አለች። ጠረጴዛዋ ከሄደች የት እንደምትሠራ አታውቅም። ፈርታለች፣ ግን መፍራቷን ለዋበሪ ከምታሳይ ምላሷን ብትነክስ ትመርጣለች።

«ፍላሹ ላይ የምትፈልገው ነገር አለ?» አለችው። «እኔ ስጽፍበት ያለው ሁሉ ይጠፋል።»

«ምንም የለም።»

ላፕቶፗ ላይ ሰካችው። የዲስክ ምስል ፍላሽ ላይ የሚጽፈውን ፕሮግራም ከፍታ አይኤሶውን መረጠችና ጀመረች። ፋዱማ አጠገቧ ቆማ «ምንድነው ልዩነቱ? እሱም ያንኑ ነው የከተተው» አለች።

«ማሽኑ ገና ሲበራ ፋይል ፈልጎ መክፈት አያውቅም፣ ፋዱማዬ። በተለይ እንዲህ ያለ አሮጌ ማሽን የሚያየው የፍላሹን መጀመሪያ ቦታ ነው። እዚያ ትንሽ ማስነሻ ኮድ ካገኘ ይከተለዋል፣ ካላገኘ ይተወዋል። ዋበሪ ፋይሎቹን አስገባ፣ ግን ኮፒ ማድረግ ያንን ቦታ አይነካውም። አይኤሶውን ሲከትም እንደ አንድ ፊልም ተጋደመ፤ ማን ይክፈተው? አይኤሶ የዲስክ ሙሉ ምስል ነው፤ ማስነሻውም፣ የዲስኩ ክፍፍልም፣ ፋይሉም እያንዳንዱ በየቦታው አለ። ይሄ ፕሮግራም ከመጀመሪያዋ ነጥብ ጀምሮ እንዳለ ፍላሹ ላይ ያሰፍረዋል።»

«ቲዎሪ!» አለ ዋበሪ።

ጽፎ ጨረሰ። ፍላሹን ነቅላ ፋዱማ ማሽን ላይ ሰካችና አበራችው። ጥቁር ሆነ። ጥቁር እንደሆነ ቆየ። ከምንጣፉ አንዱ «አይ ዑግባድ» ሲል ዞራ እንኳ አላየችውም። ከዚያ የሊኑክሱ ምልክት ብቅ አለ፣ ትንሽ ዞረ፣ ስክሪኑ ተከፈተ። የማሽኑ ሃርድ ዲስክ ውስጥ ገብታ አንዱን ቪዲዮ ነካችው። ሙሽራዋ በዘመዶቿ መሃል ስትጨፍር ሱቁ በከበሮ ተሞላ።

ፋዱማ እልል አለች። «ማዘርቦርዱም ዲስኩም ደህና ነው» አለቻት ዑግባድ። «ቪዲዮዎችሽን አውጥቼ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ እጭንልሻለሁ።»

ዋበሪ ጉሮሮውን ጠረገ። «ዕድል ነው። በቃ፣ ጠረጴዛሽ ጥጓ ላይ ትቆይ።»

ድሮ ቢሆን ይሄን ሰምታ እፎይ ትል ነበር። አሁን ግን ደሟ ፈላ። ትቆይ? ማን ፈቃጅ አደረገው? ሄዳ በሩ አጠገብ፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ በሚያየው ቦታ፣ የተደረደሩትን የዋበሪን ስፒከሮች አንድ በአንድ ወደ ውስጥ አስገባች። ማንም አልሳቀም። ከዚያ ተመልሳ የጠረጴዛዋን አንድ ጫፍ ያዘች።

«ዋበሪ፣ በዚያ በኩል አንሳ፤ በሩ ጋ ነው የምትሆነው» አለችው።

ጓደኞቹን አየ፣ ፋዱማን አየ። ጎንበስ ብሎ አነሳ።