«አርፈዋል»

ዘመነች ወልደሰንበት በሶዶ ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ ካለው መንገድ ዳር ትንሽ የፎቶ ኮፒና የባነር ሱቅ አላት። የምረቃም የሰርግም ባነር ታትማለች፣ ሰው የሚያውቃት ግን በሐዘን ነው። ሰው የሞተበት ቤተሰብ የሟቹን ፎቶ ይዞ ይመጣል። እሷ ፎቶውን ታጸዳለች፣ ስሙን ትጽፋለች፣ የቀብሩን ቦታና ሰዓት ከሥር ታሰፍራለች። መንገድ ላይ ሲያዩዋት «ያቺ የመርዶዋ ልጅ» የሚሏት ልጆች አሉ። ዕድሜዋ አርባን አልፏል።

አባቷ ከጉራጌ አገር ጨርቅ ሊነግዱ መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ነበሩ። እሳቸው ሲሞቱ ወንድሞቿ አዲስ አበባ ገቡ፤ እናቷን እሷ ጦረች። እናቷ ያረፉ ጊዜ ማስታወቂያውን ያዘጋጀላት ሌላ ሰው አልነበረም። ራሷ ጻፈች፣ ራሷ አተመች፣ ራሷ ሰቀለች። ብዙ ሰው ቀበረላት። ከሠልስቱ በኋላ ግን ድንኳኑ ተነሣ፣ ወንድሞቿ ተመለሱ፣ እሷም ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ብቻዋን ቀረች።

የማኅበራዊ ሚዲያ ገጿን የከፈተችው ያኔ ነው። አንድ ደንበኛ ባነሩን ከተቀበለ በኋላ «እዚያው ስልክሽ ላይ ልቀቂልን፣ አዋሳ ያሉት እንዲያዩት» አላት። ለቀቀችለት። ሌላውም ጠየቀ። ዓመት ሳይሞላ የሶዶ ሰው ሁሉ፣ ከሶዶ የወጣም ሰው ሁሉ፣ ማን እንደሞተ የሚያየው እሷ ዘንድ ሆነ። ስንት ሺህ ሰው ጽሑፏን ይጠብቃል፤ ቤቷን የሚያንኳኳ ግን የለም።

መጀመሪያ የጻፈችው እንደመጣላት በአማርኛ ነበር። አሮን የሚባል በአንድ ቤተ ክርስቲያን ጽሕፈት ቤት የሚሠራ ወጣት፣ ባነር ሊያሳትም ሲመጣ ይመክራት ነበር። «እህት ዘመነች፣ በእንግሊዝኛ ብታደርጊው ውጭ ያሉት ልጆቻችንም ያያሉ፣ ገጹም ያድጋል» አላት። እሱ እየጻፈላት በእንግሊዝኛ ለቀቀች። እውነትም አደገ። ውጭ ያሉት ሲነካኩትና አስተያየት ሲጽፉበት ገጹ ለሌሎች ይበልጥ ያሳየዋል፤ ቁጥሩ ወደ ላይ ወጣ።

ቆይቶ ግን አንድ የበዴሳ እህል ነጋዴ የአክስቱ ቀብር ካለፈ በማግስቱ አቧራ ለብሶ ከሚኒባስ ወርዶ ሱቋ በር ላይ ቆመ።

«ማስታወቂያውን አይተኸው አልነበረም?» አለችው።

«አይቻለሁ። እንግሊዝኛ ሳይ የትምህርት ቤት ማስታወቂያ መስሎኝ አለፍኩት።»

በዚያው ሰሞን አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር በእንግሊዝኛው ላይ ያነበበውን ዘጠኝ ሰዓት እንደ ፈረንጅ ቆጥሮ ጠዋት መቃብር ስፍራ ብቻውን ቆሞ ቆየ፤ ቀብሩ የነበረው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ዘመነች የገጹን መረጃ ከፍታ ማን እንደሚያይ፣ ከየት እንደሚያይ ተመለከተች። ቁጥሩን ከፍ ያደረጉት ከሩቅ ያሉት ነበሩ። ቀብር የሚወጡት የሶዶ፣ የበዴሳ፣ የጉኑኖ ሰዎች ግን ቀንሰዋል። አሮንን አመስግና እንግሊዝኛውን ጨርሳ ተወችው።

ወላይትኛውንም አስባው ነበር። የብዙው ቤት ቋንቋ እሱ ነው። ግን የእሷ ወላይትኛ የገበያ ነው፣ ዋጋ ለመጠየቅና ሰላም ለማለት ይበቃል እንጂ የሰው ሞት አይጻፍበትም፤ ስህተት ቢኖረው እንኳ አታውቀውም። ደግሞ ከደንበኞቿ እንደተረዳችው፣ ስልክ የያዘው ልጅ በአማርኛ ያነብና ለአባቱ በወላይትኛ ይነግረዋል። ስለዚህ በአማርኛ ጸናች። ገጹ ከጽሑፉ የመጀመሪያዎቹን መስመሮች ብቻ አሳይቶ ቀሪውን እንደሚደብቅ ስላወቀች አሳጠረችው፤ ቦታና ሰዓቱን ፎቶው ላይ አደረገች። ጽሑፉ አንዳንዱ ዘንድ ሁለት ቀን ዘግይቶ ስለሚደርስ «ነገ» ብላ አትጽፍም፤ ቀኑን በስሙና በቁጥሩ ትጽፋለች። ለከተማው ሰው ደግሞ ወዲያው እንዲደርስ በቴሌግራም ትልካለች።

ባለፈው ኅዳር ሻንቆ የሚባል ገበሬ ከጉኑኖ የአባቱን ፎቶ ይዞ መጣ። አባቱ ዳልጮ ለረጅም ጊዜ በኩላሊት ሲሠቃዩ የኖሩ ሰው ነበሩ። ዘመነች ፎቶውን አስተካክላ ስታሳየው ሻንቆ አየውና «ፎቶው ጥሩ ነው» አለ። እሷም እንደ ልማዷ ጻፈች፦ «አባታችን አቶ ዳልጮ ለረጅም ጊዜ ታመው ሲረዱ ቆይተው አርፈዋል።» የቀብሩ ቦታና ሰዓት ፎቶው ላይ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሱቁን ከፍታ ስልኳን ስታይ በገጹ የመልእክት ሳጥን በእንግሊዝኛ የተጻፈ መልእክት አገኘች። ገጹን ከምትከታተል ቤቴል ከምትባል ልጅ ነው። ቃል በቃል ባይገባትም ስሙን አየች፣ ዳልጮ ይላል። «ትርጉም» የሚለውን ስትነካ በአማርኛ ወጣላት፦ አባቴ በመጨረሻ ማረፉን አንብቤ ደስ ብሎኛል፣ ሥቃዩ ቀለል ብሎት ከሆነ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጥር ላይ ስመጣ ብርታት ያገኛል፣ ብትችሉ ይህን ንገሩልኝ።

ዘመነች ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። የራሷን ጽሑፍ ከፍታ ትርጉሙን ነካችው። አርፈዋል ያለችው እንቅልፍ የወሰደው ሰው ሆኖ ወጣ። ፎቶው ላይ ያለውን የቀብር ቦታና ሰዓት ማሽኑ አልተረጎመውም። ከሥር ያሉት ማጽናኛዎች ደግሞ አማርኛ በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈባቸው ናቸው፤ እነሱን ማሽኑ እንዳሉ ትቷቸዋል።

ሻንቆን ደውላ ጠራችው። በሞተር ሳይክል መጣ። ነገሩን ስትነግረው አንገቱን ደፋ።

«እህቴ ናት። እናታችን ስትሞት አራት ዓመቷ ነበር። ማሳደግ አቃተን፣ ለሆላንድ ሰዎች ተሰጠች። ካቻምና ፈልጋ አገኘችን። አማርኛም ወላይትኛም የላትም።»

«አልነገራችኋትም እንዴ?»

«መርዶ በስልክ ይነገራል? ጥር ስትመጣ፣ ቤት ገብታ፣ ሰው ከቧት ይነገራታል ብለን ነው።»

«ሻንቆ፣ እኔ እኮ ነግሬያታለሁ። አዙሬ ነገርኳት እንጂ። ዛሬ ካልሰማች ነገ አንዱ የማታውቀው ሰው ጽፎ ይነግራታል።»

ሻንቆ የሞተር ሳይክሉን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ከዚያ «ሰው አጠገቧ ከሌለ አይሆንም» አለ።

አሮንን አስጠሩት። ሱቁን ዘግተው ሦስቱ ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ። ቪዲዮው ሲከፈት ጠጉሯን ያሰረች ቀጭን ልጅ ከአንድ ጠባብ ክፍል ታየች። ወንድሟን ስታይ ፈገግ አለች። አሮን ቀድሞ የጠየቃት ብቻዋን እንደሆነች ነው። ብቻዬን ነኝ አለች። ጓደኛ እንድትጠራ ለመናት። ያኔ ፈገግታዋ ጠፋ። ተነሥታ ወጣች፤ ባዶው ወንበር እየታየ ቆዩ፤ ከዚያ አንዲት ጓደኛዋን ይዛ ተመለሰች። አሮን አሳምሮ ሊናገር ሲጀምር ዘመነች ክንዱን ያዘችው።

«ወደ ጌታ ተሰበሰቡ እንዳትላት። ሞቱ በላት።»

ሞቱ አላት። ልጅቱ አላለቀሰችም። ማያ ገጹን አየች። ሻንቆ በወላይትኛ ለረጅም ጊዜ ተናገረ፤ አንድም ቃል አልገባትም፣ ግን ጆሮዋን ወደ ስልኳ አስጠግታ ሰማችው። ሲጨርስ አንድ ነገር ጠየቀች። አሮን ወደ ዘመነች ዞረ።

«የጻፍሽውን በራስሽ ድምፅ እንድታነቢላት ትፈልጋለች። በአማርኛ።»

ዘመነች አነበበች። ስንት ሰው አስቀብራ እንዲህ ያለ ነገር አጋጥሟት አያውቅም። አርፈዋል ከሚለው ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ተሰበረ። ልጅቱ እዚያ ላይ አለቀሰች፤ ከቃሉ ሳይሆን ከድምፁ ነው የገባት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ዘመነች አጻጻፏን ቀየረች። መጀመሪያው አማርኛ ነው፣ ምክንያቱም የአገሩ ሰው የሚያየው የመጀመሪያውን መስመር ነው። «ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል» ትላለች። ቀብሩንም ከፎቶው በተጨማሪ በጽሑፍ ታሰፍራለች። ከሥር አንድ የእንግሊዝኛ መስመር አለ፣ የሟቹ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል፣ መሞቱ፣ ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር፤ ሰዓት አይጻፍበትም። ስሙን በዚያ ፊደል የምትጽፈው ሩቅ ያሉት ሲፈልጉ የሚጽፉት እንደዚያ ስለሆነ ነው፤ ቤተሰቡን እንዴት ነው የምትጽፉት ብላ ሳትጠይቅ ግን አትጽፈውም።

አሮን ቅር አለው። «እህት ዘመነች፣ እኛ ዘንድ አማኝ ሞተ አይባልም፣ ወደ ጌታ ተሰበሰበ ነው።»

«እሱንም እጽፈዋለሁ፣ ሞቱን ከጻፍኩ በኋላ። የአንተ ሰዎች ይገባቸዋል። የማይገባው ሰው ግን ብቻውን ነው የሚያነበው።»

ገጹ እንደ እንግሊዝኛው ጊዜ አላደገም፤ ዘመነችም ቁጥሩን ማየት ተወች።

ቤቴል በጥር መጣች። ጉኑኖ ሄዳ መቃብሩን አየች። ከመመለሷ በፊት ሱቁ ገብታ የአባቷን ፎቶ በትልቁ አሳተመች። አብሯት የመጣው አስተርጓሚ ውጭ ባጃጅ ሲጠራ ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። ዘመነች ወንበር ሰጠቻት። የሚያወሩበት ቋንቋ አልነበራቸውም፤ ማተሚያው እየጮኸ ፎቶውን ቀስ እያለ ሲያወጣው አብረው አዩት። ልጅቱ ስትወጣ አቀፈቻት። ዘመነች እጇን የት እንደምታደርገው አጣች፤ ሰው ካቀፋት ቆይቷል።

መጀመሪያ ሰሞን መልእክት ይላላኩ ነበር፣ ዘመነችም በማሽኑ ትርጉም እየታገዘች ትመልስ ነበር። ከዚያ ሳሳ። አሁን የቀረው አንድ ነገር ነው፤ ዘመነች የማንንም ሞት ስትለቅ፣ ልጅቱ የማታውቀው የበዴሳ ሽማግሌም ይሁን የሶዶ እናት፣ የቤቴል ስም ከልብ ምልክት ጋር ከሥሩ ይወጣል። የእንግሊዝኛዋን መስመር አንብባ መሆን አለበት። ዘመነች ጽሑፉን ከለቀቀች በኋላ ሥራዋን እየሠራች አልፎ አልፎ ስልኳን ታያለች። አንዳንድ ቀን ይመጣል፣ አንዳንድ ቀን አይመጣም። በር ላይ ሰው ፎቶ ይዞ ሲቆም ስልኩን ትገለብጠዋለች፣ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ትላለች፣ ስሙን እንዴት እንደሚጽፉት ትጠይቃለች።