የእህቴ ልጅ ሁለት ዕድሜ

የእህቴ ልጅ ከቀኑ ሁለት ወር ቀድሞ ተወለደ። በዚያው ሳምንት ጎረቤታችን ሴት ልጅ ወለደች፤ የእሷ ግን ወሯን ጨርሳ የመጣች ናት። ቆቦ ውስጥ ሁለት ልጆች በአንድ ሳምንት ከተወለዱ ነገሩ ውድድር ነው።

ዘጠነኛው ወር ላይ የጎረቤታችን ልጅ እየዳኸች ጓዳ ገብታ ሽንኩርት ትበትናለች። የእኛው ሁለት እጁን ምንጣፉ ላይ ተክሎ እንደ ሽማግሌ አጎንብሶ ይቀመጣል፤ ሲስቅ ይወድቃል።

«ምን ቸገረው» ትላለች ጎረቤታችን፤ «እሱ ተቀምጦ የሚላላክለት ሰው አለው።»

እህቴ ትስቅና ልጇን አንስታ ትገባለች። በኋላ ጭራሽ ደጅ ማውጣቱን ተወች። ሌሊት ሌሊት እንደምታለቅስ ግን ዓይኗ ይናገራል፤ ልጄ አእምሮው ዘግይቷል ብላ ፈርታለች።

እኔ ስልኬ ላይ ያነበብኩትን ለእህቴና ለእናቴ ነገርኳቸው። ያለ ጊዜው የተወለደ ልጅ ዕድገቱ የሚለካው መወለድ ከነበረበት ቀን ተነስቶ ነው፤ ስለዚህ የእኛ ልጅ ለመዳህና ለመቀመጥ የሰባት ወር ነው።

«ሁለት ዕድሜ?» አለች እናቴ። «አንዱ ለአላህ፣ አንዱ ለቀበሌ?»

የኩፍኝ ክትባቱ ቀን ሲደርስ እህቴ አልሄድም አለች። ለካ ትምህርቴን ከልቧ ይዛው ኖሯል።

«ሰባት ወሩ ነው አላልክም? መርፌው የዘጠኝ ወር ነው። ሁለት ወር ይቆይ።»

ይህን አላነበብኩም ነበር። ሦስታችንም በባጃጅ ጤና ጣቢያ ሄድን። ነርሷ ልጁን ደረቷ ላይ አስደግፋ ሰማችን።

«ለመርፌው ከተወለደበት ቀን ነው የምንቆጥረው» አለች። «ዘጠኝ ወሩ ነው፤ ዛሬ ይወጋል።»

«ለመርፌ ሲሆን ትልቅ፣ ለመዳህ ሲሆን ትንሽ» አለች እናቴ። «ይሄስ ተንኮል ነው።»

«ለዕድገቱ ግን ወንድምሽ ልክ ነው» አለች ነርሷ ወደ እህቴ ዞራ። ልጁን አስቀመጠችውና ትንሽ ኩባያ ሰጠችው። ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረው። ከኋላው ስትጠራው ዞረ፣ ዞሮም ወደቀ። «የሰባት ወር ልጅ የሚያደርገውን ያደርጋል። ከሰባት ወር ልጅ ጋር አስተያዪው፤ ከዚያም ወደ ኋላ ከቀረ ቶሎ አምጪልኝ።»

እናቴ ቀረብ አለች። «እኔም በሰባት ወሬ ነው የተወለድኩ ይባላል። ሁለቱን ቀንሽልኝ።»

«መቀነሱ እስከ ሁለት ዓመት ነው እማማ። እርስዎ ትንሽ አልፈዋል።»

ልጁ ተወግቶ ሰፈሩን በለቅሶ ሞላው። ስንመለስ ጎረቤታችን ምንጣፏን ደጅ ዘርግታ ነበር። እህቴ ቀጥ ብላ ሄዳ ልጇን ከልጅቱ ጎን አስቀመጠችው።

«እስካሁን አልዳኸም? ስንት ወሩ ሆነ?»

«የትኛውን ዕድሜውን ነው የምትጠይቂኝ?» አለች እህቴ፤ ጫማዋን አውልቃም ምንጣፉ ላይ ተደላድላ ተቀመጠች።