ለብቻቸው የተጻፈው ወረቀት

ልጅ እያለሁ ትንፋሼን ይዤ እስከ ስልሳ መቁጠር እችል ነበር። ሱሉልታ ውስጥ በዚህ የሚስተካከለኝ እኩያ አልነበረኝም። የተማርኩት አባባ ጉርሜሳ ቤት ምሳ ሳደርስ ነው። ሳህኑን አስቀምጬ፣ የቀደመውን አንስቼ እስክወጣ ድረስ አልተነፍስም። አንድ ቀን ስልሳው ሳይሞላ ተነፈስኩና ከአጥሩ ሥር አስመለሰኝ።

አባባ ጉርሜሳ የአባቴ ታላቅ ወንድም ነበሩ። አባቴ ሲሞት እኔንና እናቴን ግቢያቸው አስገብተው ያኖሩን እሳቸው ናቸው። ሚስታቸውም ቀደም ብለው ስላረፉ በቅርብ እኛን ብቻ ነበር ያላቸው፤ እኛም እሳቸውን ብቻ። ሰፊ ትከሻ የነበራቸው ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ ኮታቸው ሰፋባቸው። አንድ እንስራ ውኃ ከሰዓት ሳይደርስ ጠጥተው ይጨርሳሉ። ሽንታቸውን በሚሸኑበት የአጥር ጥግ ጉንዳን ይርመሰመሳል፤ ሌላ ቦታ የሌለ ጉንዳን እዚያ ብቻ። እኛ ልጆች በዚያ በኩል ኳስ ከገባ አናወጣም ነበር።

ከዚያ ቦቲ ጫማ ቀኝ እግራቸውን ላጠው። ቁስሉን በቅቤና በተወቀጠ ቅጠል ለወሱት፤ በአሮጌ ነጠላ ጨርቅ ጠቀለሉት። ጨርቁ ከመግሉ ጋር ተጣብቆ ደረቀ፤ ከሥሩ አረንጓዴ ነገር ይወጣል። ትንሿ ጣት ከሰል መሰለች። ሽታው የበሰበሰ ሥጋ ብቻ ቢሆን ይሻል ነበር። ጣፋጭነት ነበረበት። ዝንቡ ከእግራቸው ተነስቶ እንጀራቸው ላይ ያርፋል፤ እሳቸው እሽ እንኳ አይሉትም።

እናቴ ሐኪም ቤት ይሂዱ ብላ ለመነች። ቄሱም ለመኑ። መልሱ አንድ ነበር።

«ያመመኝ እንደሆነ እሄዳለሁ። ይኸው፣ ምንም አያመኝም! ቁስል ማመም ካቆመ እየዳነ ነው።» ይህን እያሉ እግራቸውን መሬት ላይ ደጋግመው ይመቱታል። በዚያ ላይ አንድ ባልንጀራቸው ሐኪም ቤት ገብቶ ሬሳው ነው የወጣው፤ ከዚያ ወዲህ የሐኪም ስም ሲነሳ ፊታቸውን ያዞራሉ።

እናቴ መጻፍ ስለማትችል አንድ ቀን እኔን አስቀመጠችና ለጋሼ በቀለ ደብዳቤ አስጻፈችኝ። ጋሼ በቀለ አባባ ጉርሜሳ አስተምረው ያሳደጉት ታናሽ ወንድማቸው ነው፤ ጀርመን አገር ሕክምና ይማራል። እሷ የነገረችኝን ሁሉ ጻፍኩ፤ ጥሙን፣ ጉንዳኑን፣ ጣቱን። መጨረሻ ላይ ከራሴ ጨመርኩበት። ምን እንደጨመርኩ ለእናቴ አላነበብኩላትም።

መልሱ አንድ ወር አልፎት አዲስ አበባ ፖስታ ሣጥን ባለው ነጋዴ በኩል መጣ። ያኔ ከውጭ አገር የመጣ ደብዳቤ የአንድ ሰው አይደለም፤ የሰፈር ነው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጎረቤቱ ቤታችን ሞላ። ሁሉም ስሙ በሰላምታው ውስጥ እስኪጠራ ጆሮውን አቁሞ ይጠብቃል። አባባ ጉርሜሳ እንደ ትልቅነታቸው መሐል ተቀመጡ፤ ሰዉም በየተራ ወንበሩን ሸሸት እያደረገ ከእሳቸው ራቀ።

ፖስታው ውስጥ ሁለት ወረቀት ነበር። የመጀመሪያው ሰላምታ ነው፤ ስሙ የተጠራ ሁሉ «እሰይ፣ አልረሳኝም!» ይላል። የሁለተኛው ራስጌ ላይ ግን «ይህን ለወንድም ጋሼ ለብቻቸው አንብቢላቸው» ይላል። አየሁት። በደንብ አየሁት። ለብቻቸው ማንበብ ማለት በእሳቸው መስኮት አልባ ክፍል፣ ከዚያ እግር አጠገብ፣ እየተነፈስኩ መቀመጥ ማለት ነው። ማንበብ ደግሞ ትንፋሽ ተይዞ አይሆንም። ራስጌውን ዘለልኩና እዚያው ሰው ፊት ማንበቤን ቀጠልኩ።

«ወንድም ጋሼ፣ ጥሙና ጉንዳኑ ሽንትዎ ውስጥ ስኳር እንዳለ ይናገራሉ። ልጅቷ ‹እግራቸው በጣም ስለሚገማ ምግብ ሳስገባ ትንፋሼን እይዛለሁ፤ ያስጠሉኛል› ብላ ጽፋልኛለች...»

ማንበቤን አቋረጥኩ። የገዛ ቃሌ ነበር። አባባ ጉርሜሳ ቀና ብለው አዩኝ፤ ወዲያው ዓይናቸውን እግራቸው ላይ ጣሉ። እናቴ ብትመታኝ እመርጥ ነበር።

«አንብቢ» አሉ በቀስታ።

«...በልጅቷ አይቆጡ። ያ ሽታ ሥጋው መሞቱ ነው። የማያምዎት ስለዳኑ አይደለም፤ ስኳሩ የእግርዎን ስሜት ስለገደለው ነው። አያምኑኝም፤ አውቅዎታለሁ። ስለዚህ እንወራረድ። ዓይንዎን ይሸፈኑ፤ ልጅቷ ሁለቱንም እግርዎን በዶሮ ላባ ትንካ፤ በተነኩ ቁጥር ይናገሩ። ካወቁ እኔ ተሳስቻለሁ፤ ሁለተኛ ሐኪም ቤት ብዬ አልጽፍልዎትም። ካላወቁ በማግስቱ ይሂዱ። አሁን ከሄዱ የሚቆረጠው ጣት ነው፤ ከቆዩ እግር ነው፤ ከዚያም ከቆዩ እኔ የምጽፍለት ወንድም አይኖረኝም።»

ለብቻቸው ቢሆን ኖሮ ወረቀቱን ቀደው ይጥሉት ነበር፤ እናቴ እስከ ዛሬ እንዲህ ትላለች። ሰው ፊት ግን ውርርድ መሸሽ ለእሳቸው ሞት ነው። «ላባ አምጡ!» አሉ። ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ ጠመጠሙ። «ኮቱ፣ ኢንተላ ኮ፣ ነይ ልጄ፣ አትፍሪ።»

ተንበረከክሁ። መጀመሪያ ደህናውን እግር ነካሁ። ጣቶቹን፣ ውስጥ እግሩን፣ ተረከዙን። ከዚያ የታመመውን፤ ከጨርቁ የወጣችው ጥቁር ጣት ላይ ላባው ተጣብቆ ቀረ። እጄን ስመልስ አንዳች እርጥብ ነገር ነካኝ። አባባ ጉርሜሳ ነጠላቸውን እንደጠመጠሙ ፈገግ አሉ።

«እስኪ ጀምሪያ! ምን ትጠብቂያለሽ?»

አንዲት ሴትዮ «አቤት ዋቃዮ!» ብላ አፏን ያዘች። እሳቸው ነጠላውን ሲፈቱ እኔ እግራቸው ሥር ነበርኩ፤ ላባውም ጣታቸው ላይ።

በማግስቱ በአውቶቡስ እንጦጦን ተሻግረን አዲስ አበባ ገባን። ተሳፋሪው መስኮት ሁሉ ከፈተ። ሐኪም ቤት ቁስል አጣቢው ድሬሰር ጨርቁን በመቀስ ሲቀድደው ትሎች ወለሉ ላይ ረገፉ፤ እሱ ግን ፊቱን እንኳ አላኮማተረም። ሽንታቸውን በብልቃጥ ተቀብሎ ሰማያዊ ፈሳሽ ላይ ጠብ አደረገና እሳት ላይ አፈላው፤ ሸክላ ቀለም ሆነ። «ስኳር ነው፤ ሞልቷል» አለ። ስኳሩ በመርፌ እስኪወርድ ጠበቁና ሁለት ጣት ቆረጡ። ሐኪሙ ትንሽ ብትዘገዩ ከጉልበት በታች ነበር ብሎ ለእናቴ ነገራት።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ። እናቴ መርፌውን ቀቅላ መውጋት ለመደች፤ መድኃኒቱ እንዳይሞቅ እርጥብ አፈር ላይ በተቀመጠ ገንቦ ውስጥ ይውላል። ጥማቸው ጠፋ፣ ቁስላቸው ገጠመ፣ እኔንም ዳሩኝ።

ዛሬ ነርስ የሆነችው ልጄ የሰውን ቁስል በስልክ ፎቶ አንስታ ውጭ አገር ላለ ሐኪም ትልካለች፤ መልሱ ሻይዋን ሳትጨርስ ይመጣል። ማንም ማሽተት የለበትም። ደስ ይለኛል፤ በእውነት ደስ ይለኛል። ያኔ ግን ሽታውን የጻፍኩት እኔ ነበርኩ፤ ያነበብኩትም እኔ። ያስጠሉኛል ያልኩት ቃል ሕይወታቸውን አትርፏል ይሉኛል። ቢሆንም ዛሬ የሚያስጠላኝ ያ እግር አይደለም፤ ያን ወረቀት የያዘችው ልጅ ናት። ምክንያቱም አባባ ጉርሜሳ ከዳኑ በኋላ እስከ ዕለተ ሞታቸው ከእኛ ጋር ማዕድ ቀርበው አያውቁም። ሳህናቸውን ይዘው በሩ አጠገብ፣ ነፋሱ ወደ ውጭ በሚነፍስበት በኩል ይቀመጣሉ። «አባባ፣ ድነዋል እኮ፣ ምንም አይሸትም፤ ይምጡ» እላቸዋለሁ።

«ይሁን ልጄ፤ እናንተ ብሉ» ይሉኛል።